ያጋለጠኝ ስኒው ነው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቤት አለች። ስፋቷ 4 ሜትር፣ ርዝመቷ 6፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.9። ባለቤቷ ለዓመታት ጀበና ቡና ሲሸጡ ኖረው፣ ጥሪት ቋጥረው ካፌ ሊያደርጓት ነው። እኔ ደግሞ ቤት ሳይሠራ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር አሳያለሁ። እንጀራዬ ነው።

ሬንደሩን ጨርሼ በቴሌግራም ላክሁላቸው።

«ማሻ አላህ! ይሄ የኔ ቤት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ሙገሳ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የምራቸውን ነው የጠየቁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉ። «ና እስቲ ልጄ፣ መብራቱ ተሰቅሏል።» ከጦሳ የወረደው ጉም አስፋልቱን ሸፍኖት ነበር። ገብቼ ቀና ስል ደነገጥኩ። ሦስቱ ድቡልቡል የመስታወት መብራቶች ኮርኒሱ ሥር ተለጥፈው፣ ጓዳ ውስጥ የተንጠለጠለ ነጭ ሽንኩርት መስለዋል። ኤሌክትሪሺያኑ የእኔን ምስል እያየ በግምት ሽቦውን 50 ሳንቲም ላይ ቆርጦታል። መብራቶቹ የተገዙት ከገበያ ነው፣ ወርዳቸው 25 ሳንቲም። በምስሉ ላይ ግን ባንኮኒውን ሞልተው ይታያሉ።

«እትዬ፣ መብራቱ አንሶ ነው» አልኩ።

«መብራቱን ተወው» አሉና ስልካቸውን አውጥተው ምስሉን በሁለት ጣት አጎሉት። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስኒ ያጠብኩ ሰው ነኝ። ይሄ ስኒ ነው ወይስ የሾርባ ጎድጓዳ?»

አየሁት። እውነትም ጎድጓዳ ነው።

ይሄ ሳያንስ ሁለተኛ ክፍል የምትማር የልጅ ልጃቸው በትከሻቸው በኩል አጮልቃ ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን ምልክት ማንበብ ጀመረች። «አያቴ፣ ቢና ምንድን ነው?»

ቢና! ቡና ብዬ የጻፍኩትን ነው።

ማታ ፋይሉን ከፈትኩ። የመጀመሪያውን ጥፋት ለማግኘት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ባንኮኒውን፣ መደርደሪያውን፣ መብራቶቹንና ስኒዎቹን ለየብቻ አልሠራኋቸውም፤ በአንድ ጥቅል ከኢንተርኔት ያወረድኳቸው ናቸው። የጥቅሉ ባንኮኒ 88 ሳንቲም ነበር። ለእኔ 110 ስለሚያስፈልገኝ ሁሉንም አንድ ላይ ይዤ ጎተትኳቸው። Blender በሚባለው የምሠራበት ፕሮግራም ላይ N ሲጫኑ በሚወጣው ሳጥን ውስጥ Scale 1.250 ይላል። ባንኮኒው ትክክል ሆነ። አብሮት ግን 30 ሳንቲም የነበረው መብራት 37.5 ሆነ፣ ስኒውም አብሮ አበጠ። ዓይኔ ያረፈው ባንኮኒው ላይ ስለነበር፣ እሱ ልክ ሲሆን የቀረውም ልክ መሰለኝ። የዚህ ስህተት ክፋቱ ይኸው ነው። ሁሉም ነገር እኩል ስለሚያድግ እርስ በርሱ ሲታይ ያምራል፤ የሚያጋልጠው ሰው በእጁ ይዞት የሚያውቀው ዕቃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ካሜራው ነው። ጠባብ ቤት ሲሆን ሁሉንም ለማሳየት ያጓጓል። እኔም ካሜራውን በሩ ላይ አቁሜ Focal Length የሚለውን 16 አደረግሁት። እንዲህ ያለ ሰፊ ሌንስ ቅርብ ያለውን ያገዝፋል፣ ሩቅ ያለውን ይገፋል። የ6 ሜትር ቤት አዳራሽ ይሆናል። ዳር ላይ ያለ ድቡልቡል ነገር ደግሞ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ በ16 ሌንስ ምስሉ ጠርዝ ላይ አንድ ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ዳር ላይ የነበረው መብራቴ እንቁላል መምሰሉን ያኔ አይቼው ነበር። «ዲዛይኑ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ጎበዝ ነው!

የ«ቢና» ነገር ከዚሁ ይመዘዛል። ሰፊው ሌንስ የኋላውን ግድግዳ ስለገፋው፣ ምስሉ በዚያ ርቀት 13.5 ሜትር ያህል ስፋት ያያል። የምስሉ ወርድ 1920 ፒክስል ነበር። ስለዚህ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 142 ፒክስል ነው፣ ቁመቱ 12 ሳንቲም ለሆነ ፊደል ደግሞ 17 ብቻ። በላቲን ፊደል ይሄ ላያስቸግር ይችላል። የእኛን ፊደል ግን አስቡት። ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ሥር። በ17 ፒክስል ፊደል ላይ ያቺ ጭረት ሁለት ፒክስል ብትሆን ነው። በዚያ ላይ ፊደሉ እንዲያበራ ብዬ Emission Strength 20 አድርጌበታለሁ፤ ብርሃኑ ጠርዙን በላው። የምስሉን ነጠብጣብ የሚያጠፋው Denoise የቀረውን አለሰለሰው። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፎቶ ስልከው ጨመቀው። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ያየችውን ነው ያነበበችው።

ሁለት ቀን ተቀምጬ እንደገና ሠራሁት። መጀመሪያ የእትዬን አንድ ስኒና አንድ ጀበና ተውሼ በሜትር ለካሁ። እነሱን በልካቸው ሠርቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ሌላውን በእነሱ አስተካከልኩ። ጀበናዋ ከነአንገቷ 30 ሳንቲም ሆነች። በመደርደሪያው የታች ክፍል ውስጥ ሳቆማት ጫፏ የላዩን ጣውላ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ክፍተቱን 38 አደረግሁት። አናጢው ገና አለመጀመሩ በጀኝ።

ካሜራውን ከበሩ ውጪ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ አወጣሁት። ግድግዳው ይጋርደዋል፣ ግን ካሜራው ከየት ርቀት ጀምሮ እንደሚያይ የሚወስነውን Clip Start ከግድግዳው ትንሽ አሳልፌ ስሰጠው ካሜራው ግድግዳውን ዘሎ ያያል፤ ብርሃኑ ግን ግድግዳው እንዳለ ሆኖ ይሠራል። ሌንሱን 28 አደረግሁት። ባንኮኒው በአንድ በኩል ትንሽ ተቆረጠብኝ። ይቆረጥ። ምስሉን 3840 ሳደርገው ያው የ12 ሳንቲም ፊደል 48 ፒክስል ገደማ አገኘ። Emission Strength ወደ 3 አወረድኩና፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ከፊደሉ ጀርባ በደበቅሁት ሌላ መብራት ሰጠሁት። የቡ ጭረት ወገቧ ላይ ቁጭ አለች።

መብራቶቹን በገበያው ልክ 25 አድርጌ፣ ግርጌያቸው ከወለል 1.90 ላይ እንዲሆን አወረድኳቸው። ከባንኮኒው 80 ሳንቲም ከፍ ይላሉ ማለት ነው። የቆመ ሰው ፊት አይሸፍኑም፣ ስኒው ላይ ግን ያበራሉ። ለዚህ 75 ሳንቲም ሽቦ ያስፈልጋል፣ የተቆረጠው 50 ነው። የአዲሱን ሽቦ ዋጋ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ሽቦ ነው» አሉኝ። ብሩን ግን ተቀበሉኝ።

አዲሱን ምስል በፋይል ላክሁና ራሴም ሄድኩ። ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ «ቡ-ና» ብላ አነበበች። ደስ አለኝ። አላቆመችም። ዓይኗን ወደ ምስሉ ጎን ወስዳ የዋጋ ሰሌዳውን ቀጠለች። የዋጋ ሰሌዳው! ድሮ ስለማይነበብ የመጣልኝን ቁጥር ነበር የሞላሁበት።

«ማኪያቶ፣ 15 ብር» አለች ጮክ ብላ።

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ልጄ፣ በዚህ ዋጋ የምትሸጠው አንተ ነህ?»