«የሚጥላቸው ኦርጋኒክ ነው»

በኬሚስትሪ ዲፓርትመንታችን የማይነካ እምነት ነበር። ልጆቹን ፈተና ላይ የሚጥላቸው ኦርጋኒክ ነው። ማስረጃውም ዝግጁ ነው። በየዓመቱ ዋናው ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው የድሮ ፈተና እናስፈትናቸዋለን። ሰዓት ይያዛል፣ ወረቀቱ ይሰበሰባል፣ ይታረማል። ከዚያ ከ33ኛው ጥያቄ ወዲያ ያለው ቀይ በቀይ ይሆናል። ከ33 እስከ 40 ያሉት ደግሞ የኦርጋኒክ ጥያቄዎች ናቸው። በቃ፣ ተፈረደ።

ፈራጁ የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በዕድሜም በልምድም ይበልጡኛል፣ ይህን አልክድም። የድሮ ፈተናዎቹም በእሳቸው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነው የሚቀመጡት። ቁልፉ ከመኪናቸው ቁልፍ ጋር ተንጠልጥሎ ቤታቸው ያድራል።

ፈተናው ገና ወራት ሲቀሩት ቢሯቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ የሦስት ዓመት ፈተና ፈልጌ ነበር።»

«ካሁኑ? ምን ትሠሪበታለሽ?»

«ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚሳሳቱ ላይበት ነው።»

«እሱማ የታወቀ ነው። ኦርጋኒክ ነዋ!»

«እስቲ በሰዓት ሳይጣደፉ ሲሠሩትም እንደዚያው ከሆነ ልየው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ነገሩ ከበድ ብሏል ማለት ነው።

«ስሚኝ ልጄ። ፈተናውን ካሁኑ ካቃጠልሽው መጨረሻ ላይ ምን ልታሠሪያቸው ነው? አንዴ ያዩትን ጥያቄ መልሱን ሸምድደው ነው የሚመጡት።»

እውነት አላቸው። አንዴ የታየ ወረቀት ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ውጤቱ ይነፋል። ልጁ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ «ይቺ ሐ ናት» ይላል። ስለዚህ የቅርቦቹን ሁለት ዓመት ፈተናዎች እንደማልነካ፣ የምወስደው የቆዩትን ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። እነዚያ አቧራ ለብሰው የተቀመጡ ናቸው፣ ማንም አይለምናቸውም። እሳቸው ግን ሰነድ እንደሚያስረክብ ሰው አስፈርመው ሰጡኝ። «ተመላሽ» የሚል ቃልም ጻፉበት። ለፎቶ ኮፒ!

መጀመሪያ ከሥርዓተ ትምህርቱ የወጡትን ጥያቄዎች ሰረዝኩ። የቆየ ፈተና ይህ ችግር አለበት። ያልተማሩትን ጠይቀህ «ደካማ ናቸው» ትላለህ። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት በቱቶሪያል ሰዓት ሰጠኋቸው። ሰዓት አልያዝኩም። ማርክም የለውም አልኳቸው። አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር፦ ገምታችሁ የመለሳችሁት ጥያቄ ቁጥሩን ክበቡት።

ክቡ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ብዙ ያጋልጣል። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ምንም የማያውቅ ልጅ እንኳ ከአራት አንዱን በዕድል ያገኛል። አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያው ወረቀት ከ40 ጥያቄ 23 አገኘች። ካገኘቻቸው ውስጥ ስድስቱ የተከበቡ ነበሩ። እርግጠኛ ሆና የመለሰችው እንግዲህ 17 ነው። በማርክ መዝገብ ላይ ግን 23 ተብሎ ይገባና «ደህና ናት» ይባላል።

ቀጥሎ የማረሙ ሥራ አለ። ብዙዎቻችን ራይትና ኤክስ እንመታለን። እኔ ኤክሱን ትቼ ልጁ የመረጠውን ፊደል ጻፍኩ። ሠንጠረዥ አወጣሁ፤ በቁመቱ የልጆቹ ስም፣ በአግድሙ የጥያቄዎቹ ቁጥር። ቁጥሮቹን በወረቀቱ ቅደም ተከተል ሳይሆን በርዕስ በርዕስ አሰባሰብኳቸው። ፊደሉ የሚያስፈልገው ጥሩ ጥያቄ አውጪ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ዝም ብሎ ስለማይደረድር ነው። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ የአንድ የታወቀ ስሕተት ውጤት ነው። ልጁ የቱን እንደመረጠ ካየህ የቱ ጋ እንደተሰናከለ ይነግርሃል። ኤክስ ግን የሚነግርህ መሳቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ኦርጋኒክን ነበር፣ አልዋሽም። ከስምንቱ ጥያቄ አምስት ስድስት ያገኙት ብዙ ናቸው። ክብም የለውም ማለት ይቻላል። ከሌሎቹ ርዕሶች አይብስም፣ እንዲያውም ከአንዳንዶቹ ይሻላል።

ቀዩ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። የሞላሪቲ ስሌት፣ የጋዝ ስሌት፣ የሙቀት ኬሚስትሪ። ሦስት ርዕስ፣ ሦስቱም ደካማ። በተለመደው አሠራር ቢሆን ሦስቱንም ከሥር ጀምሮ መከለስ ነበር፤ ያውም የሦስት ሳምንት ሥራ። ፊደሎቹን ሳይ ግን አንድ ነገር ተደጋገመ።

የዚያችን 23 ያገኘች ልጅ ወረቀት ልውሰድ። አንዱ ጥያቄ 25 ሚሊ ሊትር የሆነ 0.1 ሞላር NaOH ውስጥ ስንት ሞል እንዳለ ይጠይቃል። መልሱ 0.0025 ነው። እሷ የመረጠችው 2.5ን ነው። ሌላው ጥያቄ 560 ሚሊ ሊትር ጋዝ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ስንት ሞል ነው ይላል። በዚያ ሁኔታ የአንድ ሞል ጋዝ ይዘት 22.4 ሊትር ነው፣ መልሱም 0.025 ይሆናል። እሷ 25 ብላለች። ሦስተኛው 100 ግራም ውሃን በ10 ዲግሪ ለማሞቅ ስንት ኪሎ ጁል እንደሚያስፈልግ ይጠይቃል። መቶውን በ4.18 ከዚያም በ10 ስታባዛ 4180 ጁል ይመጣል፣ በኪሎ ጁል 4.18። እሷ 4180ን መርጣ አልፋለች።

ሦስቱንም መልሶች በ1000 አካፍሏቸው። ሦስቱም ልክ ናቸው።

ልጅቷ ሞላሪቲ ታውቃለች። የጋዝ ይዘትም ታውቃለች። የማባዣውን ቀመር አልረሳችም። ቁጥሩን ከጥያቄው ላይ ስታነሳ ግን መለኪያውን ትታ ነው የምታነሳው። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉም እንደዚሁ ነው። ሦስት ርዕስ የመሰለኝ አንድ ልማድ ነበር።

ግን ሁሉም የስሌት ስሕተት ይህ አልነበረም። የ H2SO4 እና የ NaOH ጥያቄ ላይ የተወሰኑት የመረጡት የትክክለኛውን መልስ እጥፍ ነበር። አንድ ሞል አሲድ ሁለት ሞል ቤዝ እንደሚፈልግ አላዩም፣ እኩልታውን አላመጣጠኑም። እነዚህ ልጆች ሌሎች ናቸው፣ መለኪያ የሚስቱት ሌሎች። አንድ ላይ ሰብስቤ «ስቶይኪዮሜትሪ ደካማ» ብል ግማሾቹን የማይመለከታቸውን ላስተምር ነበር።

አንድ ወረቀት ብቻ አይቼ ብቆም ደግሞ ኬሚካል ኢኩሊብሪየምም ጉድ ነበር። በአንድ ወረቀት ላይ ያለው ሁለት ጥያቄ ነው፣ በመጀመሪያው ወረቀት ብዙዎቹ ሁለቱንም ስተዋል። ሦስቱ ወረቀቶች ሲደመሩ ግን ርዕሱ ደህና ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ወረቀት ጥያቄዎች ሁለቱም «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው» የሚሉ ነበሩ። ልጆቹ «ያልሆነው»ን ዘለውታል።

ታዲያ ኦርጋኒክ ለምን በየዓመቱ ቀይ ይሆናል? ቀጠል አድርጌ አንዱን ወረቀት ሲሠሩ በመካከላቸው ዞርኩ። ስሌቶቹ ላይ ተጣብቀዋል። 2.5 ያወጣሉ፣ ይጠራጠራሉ፣ ይሰርዛሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ሰዓት የተያዘ ቢሆን ከ33ኛው ጥያቄ የሚደርሱት ደወሉ ሊደወል ሲል ነው። ከዚያ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያሉ ያጠቁራሉ። የመጨረሻው ሳምንት ልምምድ የሚያሳየው ሰዓቱ ያለቀበትን ቦታ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠው ርዕስ ኦርጋኒክ መሆኑ የወረቀቱ አደራደር ነው።

ጠረጴዛቸው ላይ ሠንጠረዡን ዘርግቼ ለጋሼ አሳየኋቸው። ረጅም ሰዓት አዩት። «ጥሩ ለፍተሻል» አሉኝ። ከዚያ የአራት ሳምንት የኦርጋኒክ ክለሳ ፕሮግራም ለጠፉ። ለሁሉም ሴክሽን፣ የእኔንም ጨምሮ።

እኔ በበኩሌ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሰርቄ አንድ ነገር ብቻ አሠራኋቸው። ስሌት ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ከነመለኪያው ይጽፋሉ፣ መልሱ የሚፈለግበትን መለኪያም ከሥሩ ያሰምራሉ። ጥያቄዎቹን ሆን ብዬ ከተለያዩ ርዕሶች አደባለቅኳቸው። ሁሉም ከአንድ ርዕስ ከመጡ ልጁ የመጀመሪያውን ካገኘ የቀሩትን ሳያስብ ይደግማቸዋል። እኩልታ ለማያመጣጥኑት ለብቻ ሌላ ሰዓት ፈለግኩ።

የመጨረሻው ሳምንት መጣ። ያልተነኩት ሁለት ወረቀቶች ከቁምሳጥኑ ወጡ፣ ሰዓት ተያዘ። የእኔ ሴክሽን አብዛኛው 40ኛው ጥያቄ ላይ ደረሰ። ከ33 በኋላ ያለው ቀይ ሳሳ።

ስታፍ ሩም ውስጥ ሁሉም ባለበት ጋሼ ወረቀቶቹን ከፍ አድርገው ያዙ።

«አያችሁ? ኦርጋኒኩን መደጋገማችን ፍሬ አፈራ።»

ምን ልበል? ልጆቼ ክለሳውን ወስደዋል። ከክለሳው በፊት ኦርጋኒክ ደህና እንደነበር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ነገር ግን በሰው ፊት አውጥቼ ላንብበው? ሻዬን ጠጣሁ። የሌሎቹ ሴክሽኖች ወረቀት ከ33 በኋላ እንደ ወትሮው ቀይ መሆኑን አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ አይታለች፣ በክርኗ ጎሰመችኝ። እሷም ሻይዋን ጠጣች።

በቀጣዩ ዓመት መርሐ ግብር ላይ «የምርመራ ፈተና» የሚል አዲስ መስመር ገባ። ደስ አለኝ፣ እስከ ቀኑ ድረስ። በቀኑ ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ተራርቀው ተቀመጡ። ሰዓት ተያዘ። ክቡ የለም፤ «ልጆቹን ያደናግራል» ተብሎ ቀርቷል። ሲታረም ራይትና ኤክስ፣ ከዚያ ጠቅላላ ድምር ብቻ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ተነገረ። ወረቀቱ ሊታደል ሲል አንድ ልጅ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይያዛል?»

እኔ «አይያዝም» ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ።

«እንዴት አይያዝም? ከመቶ አምስት ነው።»