ሁለት ፍሬ የነቀዝ ክኒን

የምሠራው ሐዋሳ ውስጥ የእርሻ ግብዓት መሸጫ ሱቅ ነው። የአትክልት ዘር፣ የመርጫ መሣሪያ፣ የአረም መድኃኒት፣ የነቀዝ መድኃኒት እንሸጣለን። በቆሎ ከተሰበሰበ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በተለይ በገበያ ቀን፣ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «የነቀዝ ክኒን አላችሁ? ሁለት ፍሬ ብቻ ስጡኝ።»

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። በተለያየ የንግድ ስም ይመጣል፣ ገበያ ላይ ግን ሁሉም የነቀዝ ክኒን ነው የሚለው። አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ሳይሆን ይህ ጋዝ ነው። ሦስት ግራም የምትመዝን አንዲት ፍሬ አንድ ግራም ያህል ጋዝ ታወጣለች። ጋዙ ደግሞ ነቀዝን ከሰው አይለይም።

ሁለት ፍሬ የሚጠይቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ከሁሉም በላይ የሚመስለው መልስ ቀላል ነው። ቤቱ በቆሎ አለ፣ ነቀዝ ገብቶበታል፣ እህሉ ዱቄት ሆኖ ከማለቁ በፊት ሊያድነው ይፈልጋል። እኔም አብዛኛው ሰው እንዲህ እንደሆነ አምናለሁ። ግን ይኸው ክኒን ሰው ራሱን ለመጉዳት የሚፈልገውም ነገር ነው። አገራችን ውስጥ ይህ የሚያሳዝን የታወቀ ጉዳይ ነው፣ ሐኪም ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በዚያች አጭር ጥያቄ ውስጥ የተለያዩ ሰዎች አሉ። ቆጣሪው ጋ ሲቆሙ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

እኔና የሱቁ ባለቤት በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። እሳቸው «ልጄ፣ ገበሬው ነቀዝ ፈጅቶት ነው የሚመጣው። ለአንድ ሰው ብለህ መቶውን እንደ ሌባ ልትመረምር ነው?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ከቱላ ወይም ከዶሬ ባፋኖ ፀሐይ መትቶት የመጣን ሰው በጥርጣሬ ዓይን ማየት ነውር ነው። «እሺ ጋሼ፣ ግን ያ አንዱ ቢመጣስ?» እላለሁ። እሱም እውነት ነው። ክርክሩ እንዲህ ሆኖ ቆሞ ነበር።

ነገሩን የፈታችልን አንዲት እናት ናት። ነጠላዋን ደርባ፣ ትንሽ ልጅ አዝላ መጣች። «ወንድሜ፣ ሁለት ፍሬ የነቀዝ ክኒን» አለች። ፊቷ ላይ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። ደስተኛ ሴት ናት፣ ልጇን እያባበለች ነው የምታወራው። ያን ጊዜ ሳልጠረጥራት፣ እንዲሁ ለመርዳት ብዬ ጠየቅኋት።

«እህቴ፣ በቆሎው ስንት ነው?»

«አንድ ኩንታል አይሞላም። እናቴ ከገጠር ልካልኝ ነው።»

«የት አስቀመጥሽው?»

«የት አለኝ ብለህ፣ አልጋ ሥር ነው። አንድ ክፍል ነው የተከራየነው።»

አራት ሆነው ነው የሚተኙበት። ከነልጆቹ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህች እናት የምትናገረው ሁሉ እውነት ነው። ሐሳቧም ንጹሕ ነው። ያንን ክኒን ብሸጥላት ግን ልጆቿ ጋዙን ሌሊቱን ሙሉ ሊተነፍሱት ነበር። በቆሎው ያለው ተራ ማዳበሪያ ውስጥ ነው፣ ያ የተሸመነ ከረጢት ደግሞ ጋዝ አይዝም። ጋዙ በቀዳዳው ወጥቶ ክፍሉን ይሞላል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይመስላል ይባላል፣ ግን በሽታ መተማመን አይቻልም፤ ሳይሸት የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ሲጀምር ራስ ምታት ነው፣ ማቅለሽለሽ ነው፣ ማስመለስ ነው፣ ደረት መጨነቅ ነው። ቤተሰቡ «ምግብ ተበክሎ ነው» ብሎ እዚያው ክፍል ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ከታመሙና እቤት ውስጥ የነቀዝ ክኒን ካለ፣ ወዲያው ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ፣ «ቤት ውስጥ ይህ መድኃኒት ነበር» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ክኒኑን አጠፋለሁ ብሎ ውኃ ማፍሰስ ደግሞ ጋዙን ያባብሰዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው የእኔና የጋሼ ክርክር መልኩን የቀየረው። ሁለታችንም ጥያቄውን ለሁለት ከፍለን ነበር የምናየው፦ ደግ ሰው ወይስ ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው። ደግ ከሆነ ይሸጥለት፣ ካልሆነ ይከልከል። ግን የሚበዛው አደጋ ያለው ደጉ ሰው ዘንድ ነው። ጠያቂው ምን አስቦ ነው ከማለት በፊት እህሉ የት ነው፣ በምን ተይዟል፣ ማን አጠገቡ ይተኛል ማለት ይሻላል። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ማንንም መጠርጠር አያስፈልግም። እውነተኛ ባለ እህል መልሱን ሳያስብ ይነግርሃል፣ እንዲያውም ስለ ነቀዙ ምሬቱን ጨምሮ ይነግርሃል።

ሌላም የተረዳሁት ነገር አለ። የምትጠየቀው መጠን አታላይ ናት። አንድ ነጋዴ መጥቶ ሙሉ ጣሳ ሲጠይቅ ሰው ይደነግጣል፤ ሁለት ፍሬ ሲባል ግን «ትንሽ ናት» ብሎ ይለቃል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሙሉ ጣሳ የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ መጋዘን ያለው፣ ሥራውን የሚያውቅ ነው። ሁለት ፍሬ የሚጠይቀው ወይ አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖር ድሃ ነው፣ ወይ ደግሞ ልንፈራለት የሚገባን ሰው ነው። ከጣሳው ወጥታ በወረቀት የተጠቀለለች ፍሬ ደግሞ ላይዋ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ የላትም።

እናቲቱን ባዶ እጇን አልሸኘኋትም። ፒክስ የሚባለውን ከረጢት አሳየኋት። ሦስት ድርብ ነው፤ ሁለቱ ውስጠኞች ወፍራም ፕላስቲክ ናቸው፣ ውጭ ያለው የተለመደው ማዳበሪያ ነው። አፉ በደንብ ከታሰረ አየር አይገባም። ነቀዙና እህሉ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ከዚያ ነቀዙ መብላትና መራባት ያቆማል፣ ቆይቶም ይሞታል። መድኃኒት የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ አልጋ ሥር ቢቀመጥ ማንንም አይጎዳም።

«ግን እኔ ከሱ ላይ እየወሰድኩ ነው የማስፈጨው» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከረጢቱ በየሳምንቱ ከተከፈተ አየር ስለሚገባ ሥራው ይበላሻል። እንዲህ ተስማማን። በመጀመሪያ በቆሎውን አበጥራ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። የአንድ ወር ቀለብ ለይታ ውጭ ታስቀምጣለች። ቀሪውን ከረጢቱ ውስጥ ከትታ፣ የውስጠኛውን ፕላስቲክ አፍ እስከ እህሉ ድረስ ጠምዝዛ አየሩን ታስወጣለች፣ አጥፋ ታስረዋለች፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ውጪኛውን። ከግድግዳ ፈቀቅ አድርጋ እንጨት ላይ ታስቀምጠዋለች፣ አይጥ አንዴ ከበሳው ዋጋ የለውም።

መድረቁን ደግሞ በጨው መለካት ይቻላል። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ ክዳኑን ገጥሞ መነቅነቅ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ከታሰረ ይሻግታል። ይህንን ስነግራት ሣቀችና «ይሄንንማ ለእናቴም እነግራታለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጋሼም ተስማሙ። ክኒን በፍሬ አንሸጥም። ለማንም። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ በአንድ ቃል እንመልሳለን፦ «ሰው በሚተኛበት ቤት ይህ አይሆንም፣ ከረጢቱ ይሻልሃል።» ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፊት አይተን አንመርጥም። በልብሱ፣ በዕድሜው፣ በአነጋገሩ ማንንም አንለይም። ባለ እህሉ እህሉን ያድናል፣ ምንም አልጎደለበትም። ሌላ ሐሳብ ያለውም ሰው ካለ የፈለገውን ከእኛ አያገኝም፣ ግን አልተዋረደም፣ ሰውም አዋርቶታል።

«ሌላ ሱቅ ሄዶ ቢገዛስ?» የሚለኝ ሰው አለ። ሊገዛ ይችላል። መንገድ ላይ በፍሬ የሚሸጥም አይጠፋም። ግን ማዘግየትም ሥራ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ብዙ ጊዜ በአንድ ክፉ ሰዓት ይመጣና ያልፋል፤ ያ ሰዓት ሲያልፍ እጅ ላይ የነበረው ነገር ነው ልዩነቱን የሚያመጣው። ስሪላንካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጣም መርዛማ የሆኑ የእርሻ ኬሚካሎችን ከገበያ ስታወጣ፣ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች መጠን በሃያ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወርዷል። ሰዎቹ ችግራቸው ስላለቀ አይደለም። ያ ነገር በቅርብ ስላልነበረ ነው።

አንድ ወጣት መጥቶ እንዲሁ ጠይቆኝ ነበር። «እህሉ የት ነው ያለው?» ስለው ዝም አለ። ወይ ቸኩሎ ነበር፣ ወይ ሰው ልኮት ነው፣ አላውቅም። በሩ አጠገብ ያለችውን ዱካ አመለከትኩትና «ና ቁጭ በል፣ ሻይ ላስመጣልህ» አልኩት። ትንሽ ተቀመጠ። «ደህና ነህ? የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» ብዬ በቀጥታ ጠየቅኩት። ወንድሙ ልኮት እንደሆነ፣ ወንድሙም ቤት ውስጥ እህል እንዳለው ነገረኝ። እኔም ስለ ከረጢቱ ነገርኩትና የወንድሙን ስልክ ደውሎ እንዲያናግረኝ አደረግኩ። ወንድሙ እውነትም ነቀዝ ነበር ያስቸገረው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው አእምሮ ውስጥ አያስገባም፤ የተጨነቀ ሰው ካለ ደግሞ ለመናገር በር ይከፍትለታል።

ለነጋዴዎች ጣሳውን እንሸጣለን፣ ግን ጥያቄዎቹ እነዚያው ናቸው። በቅርቡ ስድሳ ኩንታል ያለው ደንበኛችን መጣ፣ የታወቀ ሰው ነው፣ እሱን ማንም አይጠረጥርም። «መጋዘኑ ከምን ጋር ይዋሰናል?» አልኩት። አንዱ ግድግዳ የጎረቤት መኝታ ቤት ነው፣ ከላይ ጣሪያው ክፍት ነው። እህሉን በሸራ ሸፍኖ ዳር ዳሩን በአሸዋ ሊጭን አስቦ ነበር። ጎረቤቱ በጣሪያው ክፍተት ጋዝ እንደሚደርሰው ስነግረው ለጥቂት ጊዜ አሰበና እህሉን ወደ ወንዶገነት መንገድ ወዳለው፣ ብቻውን ወደቆመው መጋዘኑ ሊያዛውር ወሰነ። ክኒኑን የሰጠሁት እህሉ ከተዛወረ በኋላ ነው፣ ሥራውን ከሚያውቅና ጭንብል ካለው ሠራተኛው ጋር።