ክሴን ያነሳሁባት አንዲት መስመር 70 ሺ ብር አስከፈለችኝ

ይሄን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ስለምበሳጭ ነው። ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ላለው የሰፈራችን ልጅ ሁለት ጊዜ ብር አበድሬው ነበር፣ መጀመሪያ 80 ሺ፣ ከዛ በሌላ ወረቀት 40 ሺ። የ80 ሺው ቀኑ አለፈ፣ ስልክ ማንሳት ተወ፣ ከሰስኩት። ክስ መመስረቱ አልከበደኝም፣ ራፖር ጸሐፊ ጻፈልኝ፣ የብድር ውሉን አያያዝኩ፣ የዳኝነት ከፈልኩ፣ ቀጠሮ ተሰጠኝ፣ አለቀ።

ከዛ ሽማግሌዎች ገቡ። ጥምቀት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው፣ እኛ ጎንደር ላይ ደግሞ በጥምቀት ሰሞን ተጣልቶ መቆየት ነውር ነው። ጋሼ "ልጄ፣ ክሱን አንሳለት፣ በየወሩ 10 ሺ ይከፍልሃል፣ እኛ አለን" አሉኝ። እሱም ፊታቸው ቆሞ እሺ አለ፣ ጉልበት ሳመ፣ ተቃቀፍን። ማንም ወረቀት አላነሳም፣ እኔም እንጻፈው ማለት አፈርኩ።

በነጋታው ፍርድ ቤት ሄድኩ። መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ክስ ላነሳ ነው ምን ብዬ ልጻፍ ስላት "አጭር ነው፣ ክሴን በራሴ ፈቃድ አንስቻለሁ በል፣ ምክንያት አያስፈልግም" አለችኝ። አመንኳት። ያቺኑ አንድ መስመር ጻፍኩ። ዳኛው "በፈቃድህ ነው?" አሉኝ፣ አዎ አልኩ፣ መዝገቡ ተዘጋ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አንድ ወር ከፈለ። ሁለተኛው ወር የለም፣ ሦስተኛውም የለም። ሽማግሌዎቹጋ ተመላለስኩ፣ አንዱ ታመዋል፣ አንዱ "እኔ ምን ላድርግ" አሉ። ስለዚ ድጋሚ ከሰስኩ። ያኔ ነው የሱ ጠበቃ መጀመሪያ መቃወሚያ ብሎ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 278ን ያነሳው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከሳሽ ፍርድ ሳይሰጥ ክሱን ማንሳት ይችላል፣ ግን እንደገና ለመክሰስ ፈቃድ ጠይቆ ካልተፈቀደለት በዛው ጉዳይ ዳግም ክስ ማቅረብ አይችልም፣ ወጪና ኪሳራም ሊወሰንበት ይችላል። የኔ ወረቀት ላይ ፈቃድ የሚል ቃል የለም። የታረቅነው በአፍ ነው ብል ደግሞ በምን ላስረዳ? ሽማግሌው መጥተው ቢመሰክሩስ የተዘጋውን መዝገብ አይከፍተውም። መቃወሚያው ተቀባይነት አገኘ፣ 70 ሺ ብሬ ቀረ። ውሉ እጄ ላይ፣ ፊርማው ላዩ ላይ፣ ግን የምከስበት በር ዝግ።

ልጅቷን እስካሁን ይቅር አላልኳትም፣ ግን እውነቱን ለመናገር ራሴን ነው የበለጠ የምወቅሰው፣ ለ80 ሺ ብር አንድ ጠበቃ ማማከር ከብዶኝ ነው።

አጭር ይበቃል ሲሏችሁ እንዳትሰሙ። ማንሻው ላይ የመዝገብ ቁጥሩ፣ ለምን እንደምታነሱና ምን እንዳላነሳችሁ ይጻፍ። ለምሳሌ "የማነሳው ተከሳሽ በስምምነት ልክፈል ስላለ ነው፣ ካልፈጸመ እንደገና ክስ እንዳቀርብ ፍርድ ቤቱ እንዲፈቅድልኝ አመለክታለሁ፣ በሌላ ውል ያለኝን መብት አይመለከትም" ይባል። መጠየቅ ብቻ አይበቃም፣ ዳኛው በቂ ምክንያት ካላዩ ላይፈቅዱ ይችላሉ፣ ስለዚ ትዕዛዙ ላይ "ተፈቅዷል" የሚል መኖሩን ግልባጩን አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ቢፈቀድም ይርጋው፣ ማለትም የመክሰሻው የጊዜ ገደብ፣ አይቆምላችሁም፣ ሲቆጠር የመጀመሪያው ክስ እንዳልነበረ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ዕርቅ ካለ ማንሳቱንም አልመክርም። ስምምነቱን በጽሁፍ አድርጋችሁ ሁለታችሁም ፈርማችሁ መዝገቡ ውስጥ አስገቡትና ፍርድ ቤቱ ያጽድቀው (ቁጥር 274 እስከ 277 ስለሱ ነው)። ካልከፈለ አዲስ ክስ ሳይሆን አፈጻጸም ነው የምትከፍቱት።

የ40 ሺውን እንደዛ ነው ያደረኩት። የመጀመሪያው ክስ ስለሱ ስላልነበር የተዘጋው መዝገብ አልነካውም፣ ለብቻው ከሰስኩ። ጋሼ እንደገና መጡ፣ "እሺ ጋሼ፣ ግን ይጻፍ" አልኳቸው። ትንሽ ቅር አላቸው። ተጻፈ፣ ክፍያው በየወሩ 8 ሺ፣ ቀኑ ካለፈ ቀሪው በሙሉ ወዲያው እንዲከፈል የሚል ገባበት፣ ፍርድ ቤቱ አጸደቀው። እስካሁን ሦስት ወር ሳያዛንፍ ከፍሏል።