ሐዘንን በአክሽን ላይን፦ የጋሽ ታደሰ መቀርቀሪያ

ሰሞኑን በአንድ የአጭር ፊልም ትዕይንት ተይዣለሁ። የጋሽ ታደሰ ልጅ ሞቷል። ሰልስት አልፏል፣ የእድሩ ድንኳን ተነስቷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል። ለራሴ የሰጠሁት የቤት ሥራ፦ ሐዘኑን በአክሽን ላይን፣ ማለትም ድርጊትን በሚገልጸው የስክሪፕት መስመር ብቻ ማሳየት። ንግግር የለም፣ ቮይስ ኦቨር የለም፣ እንባም የለም። ለቅሶ ቤት ሁሉም ያለቅሳላ! እኔ የምፈልገው የእሳቸውን ሐዘን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ፦

«ጋሽ ታደሰ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ልባቸው ተሰብሯል። ልጃቸውን እያስታወሱ ነው።»

ካሜራ የማያየውን፣ ማይክ የማይቀዳውን ሁሉ ሰረዝኩ። «አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል» ብቻ ቀረ። ይሄ ደግሞ ወገብ ለሚያመው ሰውም ይሆናል።

ስለዚህ ስሜቱን ትቼ ልማዳቸውን ፈለግሁ። ልጁ በሕይወት እያለ ማታ ማታ ምን ያደርጉ ነበር? ልጁ ያመሻል። እሳቸው የግቢውን በር ሳይቀረቅሩ ይተዉለታል። አሁን ትዕይንቱ ይህን ይመስላል፦

ውጪ። ግቢ። ሌሊት

ድንኳን የቆመበት ሣር ተረጋግጧል።

ጋሽ ታደሰ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ በሩ ይሄዳሉ። መቀርቀሪያውን ይገፋሉ።

ብረቱ ቋ ይላል።

ወደ ቤት ይመለሳሉ። ደረጃው ላይ ይቆማሉ።

ወደ በሩ ይመለሳሉ። መቀርቀሪያውን መልሰው ይስባሉ።

አንዱን አንቀጽ ከሌላው የለየሁት ለማሳመር አይደለም። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሾት ሆኖ ይነበባል። ሁሉንም አንድ ላይ ስጽፈው ጋሽ ታደሰ ዕቃ ረስተው የተመለሱ መሰሉ። «ለረጅም ጊዜ ይቆማሉ» ማለትም አላስፈለገም፤ ባዶው መስመር ራሱ ያቆያቸዋል። እንግሊዝኛ ስክሪፕት ላይ ድምፅን በትልልቅ ፊደል ይጽፉታል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ለ«ቋ» የራሱን መስመር ሰጠሁት። በነገራችን ላይ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ልኬት እዚህ አይሠራም፤ ጽሑፉ አጭር ቢሆንም ሲቀረጽ ይረዝማል።

ያለፈውን ገጽ ሳላሳያት አንዲት ጓደኛዬን አስነበብኳት። «ሌባ ፈርተው ነው?» አለችኝ። ልክ ናት፤ መቀርቀሪያው ብቻውን ስለ ልጁ ምንም አይልም። ትርጉሙ ከሞቱ በፊት መዘራት አለበት። ስለዚህ ገጽ ሁለት ላይ ልጁ አምሽቶ ሲገባ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ቋ። አባት አልጋቸው ላይ ሆነው ሬዲዮውን ያጠፋሉ። ያ ድምፅ «ልጄ ገባ» ማለት ነው። ከሰልስት በኋላ ድምፁን የሚያሰሙት ራሳቸው ናቸው፣ የሚገባ ግን የለም።

አዘራሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ገጽ ሁለት ላይ መቀርቀሪያውን በክሎዝ አፕ ካሳየሁ ተመልካቹ ቀድሞ ይነቃል። ስለዚህ ልጁ ሲገባ የጎረቤት ውሻ እንዲያባርረው አደረግሁ። ሰው በውሻው ሲስቅ ድምፁ ሾልኮ ያልፋል።

ግድግዳው ላይ የነበረውን የልጁን ፎቶ አውጥቼዋለሁ። ፎቶው ካለ መቀርቀሪያው ሥራ ይፈታል። አሁን የቀረኝ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ወተት አምጪዋ በሩን ክፍት ስታገኘው ምን ታድርግ?