ድሪሉን ከፎቶው ለይቼ ያወቅሁበት መንገድ

አንድ ወዳጄ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ፣ ያለቀ የኤሌክትሪክ ድሪል ፎቶ ላከልኝና ሞዴሉን እንድነግረው ጠየቀኝ። መሣሪያው ሌላ ሰው ዘንድ ስለነበር በእጃችን ያለው ፎቶው ብቻ ነው። ካርቦን ደግሞ በግምት አይገዛም፤ መጠኑ ጥቂት ከተለየ ወይ ከማቀፊያው አይገባም፣ ወይም ገብቶ እየተንቀሳቀሰ ብልጭታ ያበዛል።

መጀመሪያ ያየሁት የቀፎውን ቀለም ነው። ቢጫና ጥቁር ሲሆን ዲዋልት፣ ቀይ ሲሆን ሚልዋኪ ወይም ሂልቲ ብሎ መጀመር ይቻላል። ቦሽ ለባለሙያዎች የሚያወጣቸውን ሰማያዊ፣ ለቤት ውስጥ ሥራ የሚያወጣቸውን አረንጓዴ ያደርጋል። ፎቶው ላይ ያለው ድሪል አረንጓዴ ይመስል ነበር፤ ችግሩ አረንጓዴ ብዙ ባለቤት አለው፤ የቤት ውስጦቹ ቦሾች፣ ሜታቦ፣ የቀድሞው ሂታቺ። ፎቶው የተነሣው ግን በቢጫ አምፖል ብርሃን እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ወረቀት ታወቀኝ፤ ነጭ መሆን ሲገባው ቅቤ መስሏል። በስልኬ የፎቶ ማስተካከያ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ቢጫውን ቀነስሁ። ያን ጊዜ ቀፎው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ሆነ፤ ይህ የማኪታ ቀለም ነው። በዚህ ብቻ ግን አልፈረድሁም፤ አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚገለብጡት ቀለምን ነው።

ቀጥሎ ፑንታውን የሚነክሰውን ቻክ ተመለከትሁ። ብረት ነው፤ ዙሪያውን ጥርስ፣ ጎኑ ላይ የቁልፍ ቀዳዳዎች አሉት። በቁልፍ የሚጠብቅ ነው ማለት ነው፤ በእጅ የሚጠብቀው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ የሌለው የፕላስቲክ እጀታ ይኖረዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቻክ ላይ የተቀረጸ ስም ካለ የድሪሉን ሳይሆን የቻኩን ሠሪ ስም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ሮም የተባለው የጀርመን ድርጅት ቻክ ይሠራል፤ ቻኩም በሌሎች አምራቾች ድሪሎች ላይ ይገጠማል። በእኔ ፎቶ ላይ የተነበበው 1.5–13 mm እና 1/2-20 UNF ነበር። የመጀመሪያው ቻኩ ከየትኛው እስከ የትኛው ውፍረት ያለው ፑንታ እንደሚይዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ የብሎን ጥርሱን ልክ ይናገራል። ስለ አምራቹ አንዳች አይሉም። ከዚህ ሌላ ቻክ ተፈትቶ የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ ዛሬ ድሪሉ ላይ ያለው ከፋብሪካው አብሮት የወጣው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቻክን የማየው እንደ ደጋፊ ምስክር ብቻ ነው።

የመጨረሻው ፍርድ የሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈው ስቲከር ነው። ፎቶውን አጉልቼ ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጥሁት፤ ንጽጽሩንም ከፍ አደረግሁት። HP16 የሚለው ጠርቷል፤ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ተፍቋል፤ መጨረሻው ክብ ስለሆነ 0 ነው። የተፋቀው 3 ወይም 4 መሆኑን ዓይን አይለየውም፤ ተፍቆ የቀረው ቅርጽ ለሁለቱም ይሆናል። ትኩር ብሎ ማየቱን ትቼ ከስሙ በታች ያሉትን ቁጥሮች አነበብሁ። ኃይሉ 71 ካለ በኋላ ደብዝዟል፤ ያለ ጭነት የሚዞርበት ፍጥነት ግን 0–3200 ተብሎ በግልጽ ይታያል። የማኪታ HP1640 680 ዋት ሆኖ ፍጥነቱ እስከ 2800 ነው፤ HP1630 ደግሞ 710 ዋትና እስከ 3200። ሁለቱም ቁጥሮች ወደ HP1630 መሩኝ። ከላይ ያለው መምረጫም አንድ ወገን የመዶሻ፣ ሌላው ወገን የፑንታ ምልክት ስላለበት ድሪሉ እየመታ የሚበሳ መሆኑ ከስሙ ጋር ይገጥማል፤ ማኪታ HP የሚለው እንዲህ ያሉትን ድሪሎች ነው።

ይህ ቁጥርን ከስም ጋር የማመሳከር ዘዴ ለሐሰተኛ ዕቃም ይሠራል። ስቲከሩ HP1630 ብሎ ኃይሉን 900 ዋት ካደረገው፣ ቀለሙ ምንም ያህል ቢመስል አላምነውም።

የመጨረሻው አኃዝም ትርጉም አለው። HP1630 በቁልፍ የሚጠብቅ ቻክ ሲኖረው HP1631 በእጅ የሚጠብቅ ነው። ከኋላ K ቢጨመርበት ከፕላስቲክ ሣጥን ጋር የተሸጠ ማለት ነው። ሞተሩ አንድ ስለሆነ ለካርቦን ግዢ ይህ ልዩነት ለውጥ አያመጣም፤ ቻክ ለሚገዛ ሰው ግን ያመጣል።

ለወዳጄ ሞዴሉን ስነግረው አንድ ነገር ጨመርሁለት፤ ድሪሉ ያለበት ሰው አሮጌውን ካርቦን አውጥቶ ጎኑ ላይ የታተመውን ቁጥር ፎቶ እንዲያነሣ፣ የካሜራውን ፍላሽ አጥፍቶ ብርሃኑን ከጎን እንዲያደርግ። የታተመ ቁጥር በቀጥታ ብርሃን ይጠፋል፤ ከጎን ሲበራበት ግን ጥላው ያወጣዋል።