አንዱ ፒፔት ሁለት ጊዜ

የቡና ካፌይን በምንለካበት ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሆነው። ስታንዳርድ፣ ማለትም መጠኑ የታወቀ ማመሳከሪያ መፍትሔ፣ ላዘጋጅ 25.3 ሚሊግራም ካፌይን መዝኜ በ100 ሚሊሊትር ፍላስክ አሟሟሁት። ከዚያ በ1 ሚሊሊትር ፒፔት ወስጄ ወደ 10 ሚሊሊትር አቀጠንኩት። ከዚያው ደግሜ አንድ ሚሊሊትር ወደ 10 አቀጠንኩ። ንጽህናው 99.5 በመቶ ስለሆነ ኤክሴል በሊትር 2.51735 ሚሊግራም አለኝ። እኔም 2.5174 ብዬ ጻፍኩ።

የሥራ ባልደረባዬ ለማመሳከሪያ ያዘጋጀችው ስታንዳርድ በኔው ስታንዳርድ ሲለካ 2.56 መጣ። ሁለቱም እኩል መሆን ነበረባቸው። ስህተቱ የሷ ነው ብዬ ያዘጋጀችውን አስደፋኋት። ምስኪን፣ ሁለት ቀን ሙሉ እንደገና ሠራች። ውጤቱ ያው ሆነ።

ኃላፊያችን ደብተሬን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «አንተ ልጅ፣ አራቱን የነጥብ አሃዝ ከየት አመጣኸው?»

ቁጭ ብለን ጥርጣሬውን፣ ማለትም እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ከእውነቱ ሊርቅ እንደሚችል፣ ቆጠርነው። ባዶውንና ሙሉውን ዕቃ ስንመዝን ጥርጣሬው በድምሩ 0.1 ሚሊግራም ነው፤ ከ25.3 አንጻር 0.40 በመቶ። የ100 ፍላስኩ 0.06፣ እያንዳንዱ የ10 ፍላስክ 0.14 በመቶ። ፒፔቱ ላይ ±0.008 ሚሊሊትር ተጽፏል። ይህ የመጨረሻ ወሰን ስለሆነ በ√3 ሲካፈል 0.46 በመቶ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትንሽ ፒፔት ከሚዛኑ በላይ ያጠራጥራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማባዛትና ማካፈል ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን መቶኛ በራሱ አባዝቼ ደመርኩ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት ወሰድኩ። 0.79 በመቶ ወጣ።

«ሁለቱንም ጊዜ ያቀጠንከው በአንድ ፒፔት ነው?» አሉኝ።

አዎ፣ በአንድ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተቀየረ። ፒፔቱ ከተጻፈበት ትንሽ የሚያንስ ከሆነ ሁለቱንም ጊዜ ያንሳል። አንዱ ሲያጎድል ሌላው አይሞላም። ስለዚህ የፒፔቱ 0.46 ቀድሞ እርስ በርሱ ይደመርና 0.92 ይሆናል፤ ከሌሎቹ ጋር በስኩዌር የሚገባው እሱ ነው። ፍላስኮቹ ግን የተለያዩ ስለነበሩ እንደነበሩ ቀሩ። ጠቅላላው 1.03 በመቶ ሆነ።

የ2.517 1.03 በመቶ 0.026 ነው። 95 በመቶ ገደማ እንድንተማመን በ2 ሲባዛ 0.05። ጥርጣሬው ሁለተኛው የነጥብ ቤት ላይ ካረፈ ውጤቱም እዚያው ይቆማል፦ 2.52 ± 0.05። የባልደረባዬ 2.56 በዚህ ወሰን ውስጥ ነበር። ያስደፋኋት ደህና ስታንዳርድ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት።

አሁን በ10 ሚሊሊትር ፒፔት ወደ 100 ነው የማቀጥነው። የሱ ወሰን ±0.02 ስለሆነ ጥርጣሬው 0.12 በመቶ ብቻ ነው። ያኔ ትልቁ ድርሻ ወደ ሚዛኑ ይዞራል። ስለዚህ 126.5 ሚሊግራም መዝኜ በ500 ፍላስክ አሟሟለሁ። ደብተሬ ላይም ከእያንዳንዱ ማቅጠን አጠገብ የፒፔቱን መለያ ቁጥር እጽፋለሁ።