45 ኩንታል ምስር፦ ቀመሩ ልክ ሆኖ እኔ በሁዳዴ የተሳሳትኩበት

ደብረ ብርሃን ላይ የእናቴን የእህል መደብር ስረከብ የምስር ክክ ግዢያችን አንድ ወጥ ልማድ ነበረው። በየሁለት ሳምንቱ አዲስ አበባ እህል በረንዳ እንወርዳለን፣ 15 ኩንታል እንጭናለን፣ እንመለሳለን። ለምን 15 እንደሆነ የሚያስታውስ አልነበረም። የ2015ን የሽያጭ ደብተር ደምሬ በዓመት 360 ኩንታል እንደምንሸጥ ካወቅኩ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ማምጣት እንደሚያዋጣ ራሴ ለማስላት ተነሳሁ። በኮሌጅ ኢኮኖሚያዊ የትዕዛዝ መጠን ብለው አስተምረውን ነበር። ሃሳቡ እ.ኤ.አ. በ1913 ፎርድ ዊትማን ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ያቀረበው ነው። ቀመሩን በቃሌ አውቀው ነበር፣ ከየት እንደመጣ ግን አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሁለት ወጪዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። አንዱ በእያንዳንዱ ጉዞ የሚወጣው ነው። ይህን በደንብ ማጥራት ነበረብኝ። የአይሱዙ ኪራይ 6,000 ብር፣ የእኔ ትራንስፖርት፣ ምሳና ስልክ 750 ብር፣ በድምሩ 6,750 ብር። የጫኝና አውራጅ ሂሳብ ግን በኩንታል የሚከፈል ስለሆነ አይገባም። 15ም አመጣሁ 45፣ በዓመት የማወጣው ያው ነው። ሁለተኛው እህሉን የማቆየት ወጪ ነው። አንድ ኩንታል ምስር በ12,000 ብር ነበር የምንገዛው። ገንዘቡ በብድር ስለሚመጣ 17 በመቶ ወለድ፣ ለነቀዝና ለሚጎድል ሚዛን 3 በመቶ ጨምሬ 20 በመቶ ያዝኩ፤ በኩንታል በዓመት 2,400 ብር ማለት ነው። የመጋዘን ኪራዩን አልጨመርኩም፤ ባዶም ሆነ ሙሉ በየወሩ እከፍለዋለሁና።

በአንድ ጊዜ የማመጣውን Q፣ የዓመቱን ሽያጭ D፣ የጉዞውን ወጪ S፣ የማቆያውን h፣ የሁለቱን ወጪ የዓመት ድምር ደግሞ T(Q) ካልኩት፣ በዓመት D/Q ጊዜ እመላለሳለሁ። መጋዘኑ ውስጥ በአማካይ የሚቀመጠው ደግሞ Q/2 ነው፤ መኪናው ሲገባ Q ይሆናል፣ በየቀኑ እኩል እየተቀነሰ ዜሮ ይደርሳል፣ መካከለኛው ግማሽ ነው። በኋላ መከራዬ የመጣው «በየቀኑ እኩል» ከሚለው ሐረግ ነው፤ ያኔ ግን ሳላስተውለው አለፍኩት። ድምሩ ትንሹ የሚሆነው Q ሲጨምር የ T ለውጥ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ላይ ነው።

```
T(Q) = D*S/Q + h*Q/2
-D*S/Q^2 + h/2 = 0
Q = sqrt(2*D*S/h)
Q = sqrt(2*360*6750/2400) = 45
```

ካልኩለስ የማይወድ ሰው በሌላ መንገድ ያገኘዋል። ሁለቱ ወጪዎች ሲባዙ Q ይጠፋና ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይሆናል። ብዜታቸው የማይለወጥ ሁለት ቁጥሮች ድምራቸው ትንሹ የሚሆነው እኩል ሲሆኑ ነው። በ45 ኩንታል እኩል ይሆናሉ፤ 8 ጉዞ በ6,750 ሲባዛ 54,000 ብር፣ 22.5 ኩንታል በ2,400 ሲባዛ ያው 54,000 ብር፣ በድምሩ 108,000። በድሮው 15 ኩንታል ግን 24 ጉዞ 162,000 ብር፣ ማቆያው 18,000፣ በድምሩ 180,000 ነበር። በዓመት 72,000 ብር ልዩነት! ለእናቴ ደብተሩን ሳሳያት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሁዳዴንና ፋሲካን ለየሃቸው?»

«እማዬ፣ የዓመቱ ድምር ውስጥ አሉ» አልኳት። እሷ የጠየቀችው ስለ ድምሩ አልነበረም።

360 ኩንታል በ365 ቀን ሲካፈል በቀን አንድ ኩንታል ያህል ነው፤ ስለዚህ 45 ኩንታል 45 ቀን ይቆያል ብዬ የጉዞ ቀኖቼን በካላንደር ላይ ምልክት አደረግኩ። በ2016 ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ነበር። ከዋዜማው 45 ኩንታል አስገባሁ። በጾም ምስር ወጥ የዘወትር ምግብ ነው፤ በቀን የምንሸጠው 1.8 ኩንታል ነበር። 45ቱ በ25ኛው ቀን፣ መጋቢት 26 ላይ አለቀ። ካላንደሬ የሚያዘው ገና ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለነበር ምንም አላዘጋጀሁም። ነጋዴ አነጋግሬ፣ መኪና አግኝቼ እስኪደርስ 4 ቀን ፈጀ። በአራቱ ቀን 7 ኩንታል ያህል ሽያጭ አመለጠኝ። ከሁሉ የከፋው ደንበኞቼ ከጎረቤት መደብር መግዛት መጀመራቸው ነው።

ያኔ ካላንደሩን ጣልኩትና ቀሪውን እያየሁ ማዘዝ ጀመርኩ። ይሄ ትክክል ነው። ሚያዝያ 20 ቀሪው 9 ኩንታል ሲደርስ፣ ዳግም እንዳያልቅብኝ ፈርቼ፣ ቀመሩ ያለውን 45 አዘዝኩ። በጸሎተ ሐሙስ ገባ። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር፤ ያን ዕለት መጋዘኔ ውስጥ 43 ኩንታል ምስር ተቀምጧል።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በእነዚያ ቀናት የሸጥኩት 15 ኩንታል ብቻ ነው። ሰኔ 16 ላይ 28 ኩንታል፣ ማለትም 336,000 ብር፣ ከነብድር ወለዱ ተቀምጦ ነበር። ክረምቱ ገባ፣ ነቀዝ ጀመረ፣ 6 ኩንታል በ2,000 ብር ቅናሽ ሸጥኩ። እናቴ የጠየቀችኝ ይሄንን ነበር።

ደብተሩን እንደገና ስከፍት ነገሩ ግልጽ ሆነ። በ2015 ከተሸጠው 360 ኩንታል 99ኙ በሁዳዴ 55 ቀናት፣ 15ቱ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ 246ቱ በቀሪው 260 ቀን ያህል ነው የተሸጠው። በቀን 1.8፣ 0.3 እና 0.95 ማለት ነው። «በቀን አንድ» የሚለው አማካይ በሁለቱ ወቅቶች ፈጽሞ አይሠራም። መጀመሪያ የመጣልኝ መፍትሔ በጾሙ ፍጥነት ዓመቱን ገምቶ ቀመሩን መድገም ነበር። እሱም ስህተት ነው፤ የጾሙ ፍጥነት ሲበዛ Q ይተልቃል፣ ቀመሩ ግን ያ ፍጥነት ፋሲካ ላይ እንደሚቆም አያውቅም። ለዘላለም እንደሚጾም ሰው ነው የሚያስበው።

ከሐምሌ 2016 በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተለወጠ። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ባሉት ወራት የመኪና ኪራዩ 11,000 ደረሰ፣ የእኔ የጉዞ ወጪ 1,000፣ በድምሩ 12,000። ቀመሩ ላይ S ን ብቻ ብቀይር መልሱ 60 ኩንታል ይሆናል። ይሁንና ምስሩም 15,000 ብር ገብቷል፣ ስለዚህ h ወደ 3,000 ወጥቷል። ሁለቱን አብሬ ስቀይር 54 ያህል መጣ። አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት ቀላል ነው፤ ዋጋ ሲንር ደግሞ ሁለቱም አብረው ነው የሚወጡት።

የምከራየው አይሱዙ የሚጭነው ግን 50 ኩንታል ነው። 54 ለማምጣት ሁለተኛ መኪና ያስፈልጋል፣ ያኔ S 12,000 መሆኑ ይቀራል። ቀመሩ S ን ምንም ብትጭን የማይለወጥ አድርጎ ነው የሚያየው፤ በእውነቱ በየ50 ኩንታሉ የሚዘል ደረጃ ነው። ስለዚህ በ50 ላይ ሂሳቡን ሠራሁ፤ 161,400 ብር። በ54 ቢሆን፣ በአንድ መኪና ይጫናል ብንል እንኳ፣ 161,000 ያህል ነው። የ400 ብር ልዩነት! በባለፈው ዓመቱ 45 ላይ ብቆይስ? 163,500፤ ከ54ቱ ጋር ልዩነቱ 1.6 በመቶ ብቻ። የጉዞ ወጪው በእጥፍ ሊጠጋ ትንሽ ቀርቶት የድሮው መጠን ያስከፈለኝ ይህን ያህል ነው። የቀመሩ ካሬ ሥር ስህተቱን ያለሰልሰዋል፤ የወጪው ኩርባ ከታች ጠፍጣፋ ነው። የዋጋ ግምቴ ትንሽ ቢሳሳት ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አይነሳኝም። የሚጎዳኝ ፍላጎቱ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚቆም አለማወቅ ነው።

ይልቅ ትልቁ ጥቅም የተገኘው S ን ራሱን በመቀነስ ነው። ከኅዳር 2017 ጀምሮ ከአንድ ጎረቤት ባለመደብር ጋር አንድ መኪና ተከራይተን 25፣ 25 ኩንታል መካፈል ጀመርን፤ ለግዢው አንዴ እኔ፣ አንዴ እሱ እንወርዳለን። የኔ ድርሻ በጉዞ 6,000 ብር ሆነ። ጉዞው 86,400፣ ማቆያው 37,500፣ በድምሩ 123,900 ብር። ከ161,400 ጋር ሲነጻጸር 37,500 ብር ቀነሰ። መጠኑን በማስተካከል ይህን ያህል ላገኝ አልችልም ነበር።

መካፈሉ ለጾሙም ጠቀመኝ። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። በዚህ ጊዜ ለመጠኑ ቀመሩን አልጠየቅኩም። ከፋሲካ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ 55 ቀን፣ 99 ኩንታል፣ በመጋዘን 5 አለ። ሦስት ጊዜ 25 አመጣለሁ፣ አራተኛውን የምወስነው ወደ መጨረሻው ስጠጋ ነው። ማዘዣ ነጥቡንም ቀየርኩት። እቃው እስኪደርስ 4 ቀን ይፈጃል፤ በጾም በ4 ቀን 7 ኩንታል ይሸጣል፣ መጠባበቂያ 3 ጨምሬ ቀሪው 10 ሲሆን እደውላለሁ። በሌላው ጊዜ 6 ሲቀር ይበቃል።

መጋቢት 24 ላይ ቀሪው 10 ነበር። ለጾሙ 17 ቀን ይቀራል፣ በ1.8 ሲባዛ 31 ያህል፣ 10ሩ ሲቀነስ 21። 22 ኩንታል ወሰድኩ፣ የቀረውን 28 ጎረቤቴ ጫነ። ፋሲካ ሲደርስ መጋዘኔ ውስጥ የቀረው 3 ኩንታል ነበር። ባለፈው ዓመት በዚያው ዕለት 43 ነበር።

አንድ ቦታ ግን ለጥቂት ተርፌያለሁ። በቅበላው ሰሞንና በጾሙ መጀመሪያ ሰው ለቤቱ አብዝቶ ይሸምታል። 20 ኩንታል በ11 ቀን ይሄዳል ያልኩት በ8 ቀን አለቀ፣ ሁለተኛው መኪና የገባው መጋዘኑ ሊጠረግ ሲል ነው። 1.8 ራሱ አማካይ ነበር፤ ውስጡ 2.5 የሚሸጥባቸውና 1.6 የሚሸጥባቸው ቀናት ተደብቀዋል። አሁን ደብተሬ ላይ ለቅበላና ለጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት የራሳቸው ዓምድ አለ፣ የዚያን ጊዜ ማዘዣ ነጥብም 13 ኩንታል ነው።